ተፈረደልኝ ወይስ ተፈረደብኝ?

«ከአንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ጋር የተደረገ የ50 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ጽሑፍ ሰጥተውኝ በአንድ ገጽ አጠቃልዪው ተባልኩ። ድምፁ መጥፎ ስለነበር ብዙ ቦታ ላይ "አይሰማም" ይላል። ከፊትና ከኋላው አይቼ ገምቼ ልሙላው ወይስ ልዝለለው?»

ሁለቱንም ባታደርጊ ይሻላል እህቴ። ከሞላሽው ሰውዬው ያላሉትን አሉ ይሆናል። ከዘለልሽው ደግሞ አንባቢው ክፍተት እንደነበረ ጭራሽ አያውቅም።

እኔ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ አካባቢ ሆኜ ለተመራማሪዎች ቃለ መጠይቅ ስገለብጥና ሳጠቃልል ዓመታት ሆኖኛል። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ባጃጅ ያልፋል። ድምፁ ግማሹ ይበላል። አንድ ጊዜ አንድ ጡረተኛ አባት ከአሠሪያቸው ጋር ስለነበራቸው ክስ ሲያወሩ ተቀድተው ጽሑፉ እንዲህ ሆኖ ደረሰኝ፦

[21:40] ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ ተፈረደ[አይሰማም፣ 2 ሰከንድ]። [ሳቅ] ያኔ ደሞዜ ሠላሳ [?] ብር ነበር። ከዚያ ወደ ለገ[አይሰማም] ተመለስኩ።

ሳቁን አይቼ «ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው» ብዬ ጻፍኩ። ማጠቃለያው ሲነበብላቸው «ኧረ ልጄ፣ ተፈረደብኝ እንጂ!» አሉ። የሳቁት የምሬት ሳቅ ነበር። ልኝ እና ብኝ፣ አንዲት ፊደል ናት ነገሩን የገለበጠችው። በጣም አፈርኩ፣ አሠራሬንም የቀየርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አሁን ክፍተት ሲገጥመኝ ተቃራኒውን አስገባበታለሁ። ከዚያ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር እንደገና አነባለሁ። ተቃራኒው ገብቶም እውነት ሆኖ ከቀጠለ ክፍተቱ ማጠቃለያውን አይነካውም፣ ምልክትም አያስፈልገውም። ቡና ሲቀርብ የጠፋ ወሬ እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከፈረሰ ግን እዚያ ላይ ማወጅ አለብኝ። ከላይ ያለውን አሁን ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደደረሰ ተናግረዋል፤ ፍርዱ ለማን እንደሆነ ከቅጂው አይለይም (21:40)።» ደቂቃዋን አትርሺ። የሚጠራጠር ሰው ራሱ ከፍቶ ይሰማል።

እዚህ ላይ «ምናልባት ተፈረደላቸው» ማለት ያምርሻል። ተይው። አንባቢው ሰውዬው ራሳቸው የተጠራጠሩ ይመስለዋል። እሳቸው እርግጠኛ ሆነው ነው የተናገሩት፣ ያልሰማነው እኛ ነን። ጥርጣሬው የተናጋሪው ከሆነ «እርግጠኛ እንዳልሆኑ ገልጸዋል» በይ፣ የድምፁ ከሆነ «ከቅጂው አይለይም» በይ።

በአማርኛ በተለይ የምፈራቸው ቦታዎች አሉ። አሉታው ከፊትም ከኋላም ነው። «አልከፈሉኝም» ከተባለ መጀመሪያው ተውጦ «ከፈሉኝም» ብቻ ሊቀር ይችላል፣ እሱ ደግሞ «ደግሞም ከፈሉኝ» ይመስላል። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ሠላሳ እና ስልሳ በቬንትሌተር ድምፅ ውስጥ አንድ ናቸው። ጽሑፉ ላይ ሠላሳ ተብሎ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ካለ፣ ገልባጩ አንዱን መርጦ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም ጻፊ፦ «30 ወይም 60 ብር»። የቦታ ስም ሲሆን ደግሞ አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ለገ» ሲሰማ ለገሃር ብሎ ይሞላል። እኛ ጋ ግን ለገሀሬ የሚባል ሰፈር አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ገልባጩን ጠይቂ። ድሬ ሰው ሲያወራ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይቀላቅላል። ገልባጩ ቋንቋውን ስላልቻለ ብቻ «አይሰማም» ብሎ የጻፈበት ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እሱ የድምፅ ችግር አይደለም፣ ቋንቋውን የሚችል ሰው በደቂቃ ይፈታዋል።

ቅጂው ካለሽ ማዳመጫ አድርገሽ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሺና ከክፍተቱ 20 ሰከንድ ያህል ቀድመሽ ጀምሪ። ሌላ ሰው ስታሰሚ የገመትሽውን አትንገሪው። «ተፈረደልኝ አይልም?» ካልሽው ጆሮው እሱኑ ይሰማል። ዝም ብለሽ «ምን ይላል?» በይው። ሁለታችሁ የተለያየ ከሰማችሁ ምልክቱ ይቆያል።

ክፍተቱ የቃለ መጠይቁን ዋና ጉዳይ የሚነካ ከሆነ ከገጹ ሥር አትደብቂው፣ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ተናገሪ። እኔ በመጨረሻ የቀሩትን ሁለት ክፍተቶች ይዤ አባትየው ቤት ሄድኩ። ቦታው ለገሀሬ መሆኑን ወዲያው ነገሩኝ። ደሞዙን ግን ረጅም ጊዜ አሰቡ፣ ጣታቸውን ቆጠሩ፣ ከዚያ «ረሳሁት ልጄ» አሉ። ማጠቃለያው ላይ «30 ወይም 60 ብር፤ በኋላ ሲጠየቁም አላስታወሱም» ተብሎ እንደተጻፈ ቀረ።