ፈንዱን ከማውጣትዎ በፊት ያንን ወረቀት ያምጡልኝ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ፋብሪካ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሬ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 56 ነው፤ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። በፕሮቪደንት ፈንድ ወደ 410,000 ብር እንደተጠራቀመልኝ ነግረውኛል። የ300,000 ብር ዕዳ አለብኝ። አበዳሪው በየወሩ ወለዱን ሲቀበለኝ ቆይቶ አሁን ዋናውን አምጣ ብሎ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሥራ ለቅቄ ፈንዱን ብቀበልና ብገላገል ሕጉ ይከለክለኛል ወይ?» — ከገንደ ቆሬ

አይከለክልዎትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠይቅዎት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ፈንዱ የሚከፈለው በፈንዱ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ስለሆነ፣ አሠሪው ያዋጣው ድርሻ በገዛ ፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ ይሰጥ እንደሆነ ደንቡን ማየት አለብዎት። «ነግረውኛል» ያሉትን 410,000 ብርም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ሒሳብ ይዘው ሥራ አይለቀቅም። የሥራ ስንብት ክፍያ በላዩ ይታከላል ብለውም አይቁጠሩ። የጥያቄዎ ቀላሉ ክፍል ይኸው ነው።

አሁን ወዳልነገሩኝ ልግባ። ወለዱ በወር ስንት እንደሆነ አልጻፉልኝም። መጀመሪያ እጅዎ የገባው ገንዘብ ስንት እንደነበረ አልጻፉም። እስካሁን ስንት እንደከፈሉም የለም። ባለቤትዎማ ከነጭራሹ የሉበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከፈንዱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ዝምታ ነው።

ስለ ሥራው በአጭሩ ልናገር። እርስዎ የተቀጠሩት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ድርጅቶች በዚያው እንዲቀጥሉ የጡረታ አዋጁ መንገድ ሰጥቷል። እስካሁን በፈንዱ ብቻ ካሉ፣ 60 ሲሞላዎ በየወሩ የሚገባ ጡረታ የለዎትም፤ እርስዎ ካለፉም ለባለቤትዎ የሚተርፍ የተተኪ አበል የለም ማለት ነው። ያ 410,000 ብር ቁጠባ ብቻ ሳይሆን የእርጅናዎ ደመወዝ ጭምር ነው። 300,000ውን ከፍለው 110,000 ብር ይተርፍዎታል፤ ይህ የዘጠኝ ወር ደመወዝዎ ነው። በሌላ በኩል እስከ 60 ዓመትዎ ቢሠሩ ግብር ሳይነካው 576,000 ብር ደመወዝ ይቀበላሉ፤ ፈንዱም ያድጋል። መልቀቁ ዕዳውን አንድ ጊዜ ይዘጋልዎታል፤ ይህን ሁሉ ግን ይዞ ይሄዳል። (በኋላ ወደ ጡረታ ዐቅድ ተዛውረው ከሆነ ታሪኩ ይለወጣልና የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ዘንድ የተመዘገበ አገልግሎትዎን ይጠይቁ። የጡረታ መዋጮ ለዕዳ ተብሎ አይወጣም፤ የጡረታ መብትም ለአበዳሪ መያዣ አይሰጥም።)

ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። ዛሬ አበዳሪዎ ከሶ ቢረታዎት እንኳ ከደመወዝዎ ሊያስይዝ የሚችለው ሲሶውን ነው፤ በ12,000 ብር ላይ 4,000 ብር መሆኑ ነው። ሥራ ለቅቀው ፈንዱን ባንክ ሒሳብዎ ውስጥ ባስገቡ ማግስት ግን ገንዘቡ እንደ ማንኛውም ገንዘብ ነው። አበዳሪው የእግድ ትእዛዝ ይዞ ቢመጣ የሚያስከብርልዎት የሲሶ ገደብ የለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። በዚህ ከተማ ባለፉት ዓመታት በጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጉ የአራጣ ውሎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም አንድ መልክ አላቸው። ሰውየው የተቀበለው 200,000 ብር ይሆናል። ወለዱ በወር 5 በመቶ፣ ማለትም 10,000 ብር፤ ውሉ ላይ ግን አይጻፍም። ከዓመት በኋላ ወለዱ ሲያንገዳግደው አበዳሪው በደግነት «ውሉን እናድስ» ይለዋል። አዲሱ ውል ላይ የሚሰፍረው «300,000 ብር ዋና ገንዘብ ተበድሬአለሁ» የሚል ነው። ያልተከፈለው ወለድ ዋና ሆኖ ተቀላቀለ፤ የድሮው ወረቀት ተቀደደ፤ ሁለት ምስክሮች ሻይ ጠጥተው ፈረሙ። የእርስዎ 300,000 ብርም እንዲህ የተወለደ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

ሕጉ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2479 ግለሰቦች በሚያደርጉት የብድር ውል ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። አራጣም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስጠይቃል። በምሳሌ ልሥራው፦ እውነተኛው ዋና 200,000 ብር ከሆነና ሁለት ዓመት ካለፈ፣ በ12 በመቶ የሁለት ዓመት ወለዱ 48,000 ብር ነው፤ ድምሩ 248,000 ብር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት 18 ጊዜ 10,000 ብር ከፍለው ከነበረ 180,000 ብር ሰጥተዋል። የቀረብዎት በግርድፉ 68,000 ብር ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያ በተከፈለበት ቀን ቢቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ሒሳብ 300,000 ብር ለመክፈል ሥራ የለቀቀ ሰው 232,000 ብር ያለ ዕዳው ሰጠ ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን አይተው አይደሰቱ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኞቼ እየተከታተሉ የሚወድቁበትም እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ይኸው ደንብ ብድሩ ስለ መመለሱም ይሠራል። ስለዚህ «ከፈልኩት» ብለው ምስክር ቢቆጥሩ ምስክሮቹ አይሰሙልዎትም። ውሉ ላይ 300,000 ተጽፎ ከሆነም ፍርድ ቤቱ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።

አንድ የሳቢያን ሰው ነበሩ። ከሥራ ሲሰናበቱ ያገኙትን 150,000 ብር በሽማግሌዎች ፊት፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ ቆጥረው ለአበዳሪያቸው ሰጡ። ውሉን ሲጠይቁት «ቤት ረስቼዋለሁ፣ ነገ አመጣልሃለሁ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ «እኛ አለን» አሉ። ዓመት ሳይሞላ ያው ወረቀት ክስ ሆኖ መጣ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ለመመስከር ተነሥተው ነበር፤ ሕጉ ግን አላስገባቸውም። የቀረው መንገድ አበዳሪው እንዲምል መጠየቅ ነበር፤ ሰውየው ማለ። ደንበኛዬ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ከፈሉ። እኔ ጋ የመጡት ከክሱ በኋላ ነበር፤ ከክፍያው በፊት ቢመጡ አንድ ገጽ ደረሰኝ አዘጋጅላቸው ነበር።

ስለዚህ እስካሁን የከፈሉት በምን እንደሆነ ለእኔ ትልቅ ጥያቄ ነው። በባንክ ወደ ሰውየው ሒሳብ ካስገቡ ወይም በቴሌብር ከላኩ፣ ያ መዝገብ ጽሑፍ ነው፤ ለክርክሩ አጥንት ይሆናል። በእጅ ከሰጡ ግን አሁኑኑ ነገሩን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ነገር ማፈላለግ አለብን። በአጭር መልእክት «የዚህን ወር ወለድ ተቀበልኩ» ብሎ ጽፎልዎት ያውቃል? ስልክዎን አይቀይሩ፤ ምንም አያጥፉ። ባንክዎ ሄደው ብድሩ ከተሰጠዎት ወር ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት ያውጡ፤ ባንኩ ባተመው ወረቀት፣ ማኅተም ያለው። ደብተር ላይም እጅዎ የገባውን ገንዘብ፣ ቀኑንና ቦታውን ሳይረሱት ይጻፉት። ቼክ ፈርመው ሰጥተውት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ወንጀል ስለሚያስከትል ጨዋታው ሌላ ነው።

እስከዚያው ምንም አዲስ ወረቀት አይፈርሙ። «እናድስ» ካለዎት «ጠበቃዬን ላማክር» ይበሉት። በወንጀል እከስሃለሁ እያሉም አያስፈራሩት፤ ይህን ጠበቃ በልኩ ያቀርበዋል፤ እርስዎ ተቆጥተው ቢናገሩት ግን ዞሮ በእርስዎ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ስለ ባለቤትዎ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው (ሐረር ቢኖሩ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ እናይ ነበር)። በትዳር ውስጥ በጉልበትዎ ያገኙት ፈንድ የጋራ ሀብት ነው። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማ ተጋቢ ብድሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከውሉ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ውሉ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ይህ መከላከያ ሊሆንዎት ይችላል፤ ግን ባለቤትዎ የማያውቁትን ዕዳ ሊከፍሉ እሳቸው የማያውቁትን ፈንድ ካወጡ ያን መከላከያ በእጅዎ ያበላሹታል። ዛሬ ማታ ይንገሯቸው፤ ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።

ዕዳው በሕግ የቀረው 68,000 ብር ይሁን 100,000 ብር፣ ሥራ ሳይለቁ የሚከፈልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። የፈንዱ ደንብ ለአባላት ከራሳቸው ተቀማጭ ላይ ብድር ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከአበዳሪውም ጋር በጽሑፍ የክፍያ ጊዜ ሰሌዳ መስማማት ይቻላል። የሚከፍሉት ማንኛውም ብር በባንክ ይሂድ፤ ደረሰኙ «ለዋናው ብድር የተከፈለ» ይበል፤ የመጨረሻው ክፍያ ዋናውን ውል ከመመለሱ ጋር በአንድ ጊዜ ይፈጸም። ቢቻል በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት።

ይህ መልስ በሰጡኝ አጭር መረጃ ላይ የቆመ ነው፤ ውሉን ሳላይ «አይክፈሉ» አልልዎትም። ስቴትመንቱንና የፈንዱን ደንብ ይዘው፣ ቅጂ ካለዎት ውሉንም ጨምረው ለሚያምኑት ጠበቃ ያሳዩ፤ የጠበቃ አበል ካቃተዎት ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሂዱ። የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስቀድመው አስገብተው ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ፋብሪካው ቢሮ ይገኙና 30 ቀኑ ሳያልቅ ደብዳቤው እንዲመለስልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎን የተቀበለው ሰው በቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ያድርግልዎት።