«ከትናንት ጀምሮ» ብላችሁ አትጻፉ፦ የአፋልጉን ማስታወቂያ ለምታወጡ ልጆች

ልጆቼ፣

ቤት ውስጥ ሰው ሲጠፋ ስልኩን ይዞ ማስታወቂያውን የሚጽፈው ዛሬ ዛሬ ታናሹ ልጅ ነው። ትልልቆቹ ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል ይሮጣሉ፣ እናንተ ፌስቡኩንና ቴሌግራሙን ትይዛላችሁ። ስለዚህ ይህን ለእናንተ ጻፍኩት። የማነሳውም በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው አዛውንት ከቤት ወጥተው ሲቀሩ የሚጻፈውን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦ «እባካችሁ ወገኖቼ በፈጣሪ ስም! ውድ አባታችን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጠፍተውብናል፤ ቤተሰብ በጭንቀት ላይ ነው፤ ያያችሁ በውስጥ መስመር አሳውቁን፤ ሼር ሼር ሼር!» ጭንቀቱ እውነት ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ግን መንገድ ላይ አንድ አዛውንት ያየ ሰው እኒህ ይሁኑ አይሁኑ የሚለይበት አንድም ቃል የለበትም። «ትናንት» የሚለውማ ከሁሉ የባሰ ነው። ጽሑፉ ከሦስት ሳምንት በኋላም እየተላለፈ ነው፣ በዚያን ጊዜም «ትናንት» ይላል። አንባቢው ሰውየው ዛሬም እየተፈለጉ ይሁን ተገኝተው ይሁን አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ ጻፉ።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። የስልካችሁ ሰዓት 7:15 ስላለ «7፡15 ላይ ወጡ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የሰፈሩ ሰው ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ማለትም ምሳ ሰዓት ብሎ ያነበዋል። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ» በሉ። የሱቅና የሕንፃ ካሜራ የሚቆጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነውና፣ ባለሱቁን ቀረጻ እንዲያይላችሁ ስትለምኑት 7:15 ላይ እንዲፈልግ ንገሩት። ይህን ልመና በመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ ካሜራው ቦታ ሲሞላበት የቆየውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀርጻል።

አሁን አንድ ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች እንጻፍ። ስሙን «እገሌ» ብዬ ትቼዋለሁ፣ ቁጥሮቹንም እንዲሁ።

የጠፉ ሰው፦ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ
አቶ እገሌ እገሌ፣ የ74 ዓመት አዛውንት፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሽሮ ሜዳ ካለው ቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። መጨረሻ የታዩት በዋናው መንገድ ወደ ስድስት ኪሎ በእግራቸው ሲወርዱ ነው።
የለበሱት፦ ቡኒ ካፖርት፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ፣ ግራጫ ሱሪ፣ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ። ባርኔጣ አላደረጉም፣ ከዘራ አልያዙም።
መለያቸው፦ ጠይም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሽበት ነው፤ ሲራመዱ ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ።
የመርሳት ችግር ስላለባቸው አድራሻቸውን ላይናገሩ ይችላሉ። አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማሉ። ቀድሞ ይሠሩ የነበረው መርካቶ ስለሆነ ወደዚያ ሊሄዱ ይችላሉ።
ካገኟቸው እባክዎ አብረዋቸው ይቆዩና ይደውሉ፦ 09… (ልጃቸው)፣ 07… (የእህታቸው ልጅ)። ለፖሊስ ተመዝግቧል፤ በ991 መደወልም ይቻላል።
ይህ የተጻፈው ኅዳር 9 ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።

እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደገባ ላስረዳ። ቦታው ከስም ቀድሞ የመጣው አንባቢው «ይህ እኔን ይመለከታል?» የሚለውን በመጀመሪያ እይታ ስለሚወስን ነው፤ ሐዋሳ ያለው ሰው ያልፋል፣ ስድስት ኪሎ ያለው ይቆማል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በእኛ ከተማ ብዙም አይረዳም፤ ሰው የሚያውቀው ሰፈርን፣ ቤተ ክርስቲያንን፣ መስጊድን፣ ታክሲ መያዣን ነውና በዚያ ጻፉ። የሄዱበት አቅጣጫ ከታወቀ ፈጽሞ አይቀር። «በእግራቸው» የሚለው ቃል ራሱ ዋጋ አለው፤ ታክሲ ተሳፍረው ቢሆን ኖሮ የምትፈልጉበት ቦታ ሁሉ ይቀየር ነበር።

ልብስ ላይ ዘርዝሩ፤ ጫማን ደግሞ አትርሱ። ጋቢ ይወልቃል፣ ሰው ያዝንና ሌላ ልብስ ይደርባል፤ ጫማ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆያል። «መካከለኛ ቁመት፣ ደስ የሚል ፊት» አይጠቅምም፤ ግማሹ ከተማ እንዲያ ነው። ከሩቅ የሚታይ ነገር ፈልጉ፦ አረማመድ፣ መነጽር፣ ያጎነበሰ ጀርባ። ያልያዙትንም መጻፍ ይረዳል፤ ከዘራ የያዘ አዛውንት ያየ ሰው በከንቱ አይደውልላችሁም።

«የአእምሮ በሽተኛ ናቸው» አትበሉ። አባታችሁን ዝቅ ያደርጋቸዋል፣ አንባቢውንም ያስፈራዋል፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይጠጋም። ማወቅ ያለበት አድራሻቸውን ላይነግሩት እንደሚችሉ ብቻ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የሚጠሩበት ሌላ ስም ካላቸው ጨምሩት፤ የመርሳት ችግር ያለበት ሰው የመታወቂያ ስሙን ሰምቶ ዝም ብሎ፣ በልጅነት ስሙ ሲጠሩት ዞር ሊል ይችላል።

«አብረዋቸው ይቆዩ» የሚለውን ብዙዎች ይተዉታል፣ እኔ ግን ከስልኩ እኩል አየዋለሁ። ያየ ሰው ፎቶ አንስቶ ይልክላችሁና መንገዱን ይቀጥላል፤ እናንተ ስትደርሱ እሳቸው የሉም።

ስልክ ሁለት ይሁን፣ ከተቻለ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም አንዱ የሳፋሪኮም፤ የአንዱ መስመር ቢቋረጥ ሌላው ይሠራል። የምታደርጉት ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንኳ የሚያነሳ፣ ሳይጮህ የሚያዳምጥ ሰው ቁጥር ነው። እናታችሁ እያለቀሱ የሚያነሱት ስልክ መረጃ አይቀበልም። ያ ሰው ደብተር ይያዝና ለሚደውል ሁሉ አራት ነገር ይጠይቅ፦ በትክክል የት፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የት ሲሄዱ፣ ምን ለብሰው። «በውስጥ መስመር አሳውቁን» ግን ይቅር። መንገድ ላይ የቆመ፣ ዳታ የሌለው ሰው በውስጥ መስመር አይጽፍም።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ከአሥር ዓመት በፊት በሠርግ የተነሱትን፣ በክራባትና በሱፍ፣ አትለጥፉ፤ ዛሬ ጋቢ ለብሰው የሚሄዱትን ሰው ማንም በዚያ አያውቃቸውም። የቅርብ ጊዜ፣ ፊት ለፊት፣ ያልተዋበ ፎቶ ይሁን፤ ካለ ደግሞ ሙሉ ቁመታቸውን የሚያሳይ ሁለተኛ። የቡድን ፎቶ ከሆነ ሌሎቹን ቆርጣችሁ አውጡ። ከዚያ ዋናውን ነገር ፎቶው ራሱ ላይ ጻፉበት፦ «የጠፉ ሰው፣ ሽሮ ሜዳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018፣ 09…»። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ፎቶውን ብቻ አስቀምጦ ሌላ ቦታ ሲልከው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይቀራል። ቀን የሌለው ባዶ ፊት ብቻ ሲዞር ከርሞ ለማንም አይጠቅምም።

ጽሑፉም ማጠር አለበት። ቴሌግራም ያለ ክፍያ ከፎቶ ሥር የሚፈቅደው 1024 ፊደልና ምልክት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጽሑፉን ከፎቶው ለይታችሁ ለመላክ ትገደዳላችሁ፣ የተለያየ ደግሞ አብሮ አይጓዝም። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያው ለጓደኞቻችሁ ብቻ ተከፍቶ ከሆነ፣ መቶ ሰው ቢያጋራውም የማያውቋችሁ ሰዎች አያዩትም። «Public» መሆኑን ከመለጠፋችሁ በፊት አረጋግጡ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ እንዲደውሉ ካስፈለገ ቁጥሩን በ+251 ጀምራችሁ ከዜሮው ውጭ ጻፉት።

አንድ መለያ ግን ደብቃችሁ አስቀሩ። በኪሳቸው የነበረውን፣ ወይም ልብሳቸው ሥር ያለ ጠባሳ። ማስታወቂያው በወጣ በሰዓታት ውስጥ «አባታችሁ ተጎድተው ክሊኒክ አስገብቻቸዋለሁ፣ ለሕክምና ይህን ያህል በቴሌብር ላኩ» የሚል ሊደውል ይችላል። ያን የተደበቀ ነገር ጠይቁት፣ ስልኩን ለእሳቸው እንዲሰጥ ንገሩት፣ ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠይቃችሁ ሰው ላኩ። ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ። በዚህ ምክንያት የወሮታ መጠን በቁጥር መጻፍም አልወድም፤ «ወሮታውን እንከፍላለን» ለጠፋ ቦርሳ ያገለግል ይሆናል፣ ለሰው ሲሆን ግን ከእውነተኛው ይልቅ አጭበርባሪውን ይጠራል። የመታወቂያቸውን ወይም የፋይዳቸውን ፎቶ መለጠፍም እንዲሁ ለሌላ ሌባ በር መክፈት ነው።

የሌላ ሰው ማስታወቂያ ስታጋሩ ደግሞ መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ ደውሉ። ይነሳል? አሁንም ይፈለጋሉ? ለየትኛው ፖሊስ ጣቢያ አመለከቱ? የጠፋችው ወጣት ሴት ከሆነች ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዱላ ወይም ካልፈለገችው ጋብቻ ሸሽታ የወጣችን ሴት «ጠፋች» ብሎ የሚያፈላልጋት ራሱ የሸሸችው ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችን ሰው ካያችሁ ቦታዋን አስተያየት ሥር አትጻፉ፤ ለፖሊስ ብቻ ተናገሩ።

ሲገኙስ? ደስታው ላይ ብዙ ቤተሰብ ማስታወቂያውን ወዲያው ያጠፋዋል። ፌስቡክ ላይ ሲጠፋ ያጋሩት ሰዎች ገጽ ላይ «አይገኝም» የሚል ብቻ ይቀራል፣ ማንም መገኘታቸውን አያውቅም። ከማጥፋት ይልቅ አርሙት፤ የመጀመሪያውን መስመር «ተገኝተዋል፣ ኅዳር 11 ቀን 2018» አድርጉና ስልክ ቁጥሩን ከጽሑፉ ሰርዙ፤ እርማቱ ባጋሩት ዘንድም ይታያል። ቴሌግራም ግን እንዲህ አይደለም። ዋናውን ብታርሙም ቀድሞ ወደ ሌላ የተላለፈው ቅጂ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ ውሰዱና በላዩ ላይ በትልቁ «ተገኝተዋል» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ፣ መጀመሪያ በላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ እንደገና ላኩ። ፎቶው ያው ስለሆነ ያየ ሰው ወዲያው ያገናኘዋል። ስልኩን ግን ለጥቂት ሳምንት አትዝጉት፤ የድሮው ቅጂ ገና የሚደርሳቸው ሰዎች ይደውላሉ። አመስግኑና «ተገኝተዋል» በሏቸው። ግንብና ምሰሶ ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀትም ሄዳችሁ ንቀሉት።