6.5 አምጥተሻል፣ ቅድመ ሁኔታውን ግን አላሟላሽም

ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እዚያው ሰፈር የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እንግሊዝ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎኛል፣ ደብዳቤው ግን "ኮንዲሽናል" ይላል፣ በቅድመ ሁኔታ ማለት ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 ጠይቀውኝ ነበር። ግንቦት 10 ተፈትኜ 6.5 አመጣሁ፣ ስለዚህ ያለቀ መስሎኛል። አሁን እስከ ጁን 30 ድረስ 2,500 ፓውንድ ዲፖዚት ክፈይ ይሉኛል። እናቴ እቁብ ወጥቶላታል፣ አጎቴ ደግሞ የጎደለውን ሊሞላልኝ ነው። ሁሉም "ቦታው ሳያመልጥሽ ቶሎ ክፈይ" ይሉኛል። ደብዳቤውንና ውጤቴን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ልክፈል ወይ?

ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣ ቆይ፣ በዚህ ሳምንት አትክፈይ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። 6.5 ካለ በኋላ ኮማ አለ፣ ከኮማው ቀጥሎ ደግሞ "በእያንዳንዱ ክፍል ከ6.0 ያላነሰ" ይላል። አንቺ እስከ ኮማው ነው ያነበብሽው። አይፈረድብሽም፣ ደስታ ሲኖር ዓይን ይዘላል።

ያንቺን ውጤት እንየው። ማዳመጥ 7.0፣ ማንበብ 6.5፣ መናገር 7.0፣ መጻፍ 5.5። ሲደመር 26፣ ለአራት ሲካፈል ልክ 6.5። አጠቃላዩ ሞልቷል። የመጻፉ 5.5 ግን ከ6.0 በታች ነው፣ ማዳመጥ ላይ ያመጣሽው 7 ደግሞ አያካክሰውም። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው ቅድመ ሁኔታው ገና እንዳልተሟላ ነው የሚቆጠረው። ይሄ ማለት ዲፖዚቱን ብትከፍዪም ካስ የሚሉትን፣ ማለትም ለቪዛ ማመልከቻ የግድ የሚያስፈልግሽን የዩኒቨርሲቲውን ማረጋገጫ ቁጥር፣ አይሰጡሽም። ካስ የሚመጣው ቅድመ ሁኔታው ሁሉ ተሟልቶ፣ ዲፖዚቱም ገብቶ ሲያበቃ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቺ፣ ዋናው ወጥመድ እዚህ ነው። የዲፖዚቱ ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23 ነው። ቅድመ ሁኔታውን አሟይ የተባልሽው ግን እስከ ጁላይ 31፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 24። ገንዘቡን መጀመሪያ ይቀበሉሻል፣ መግባት አለመግባትሽ የሚለየው ከወር በኋላ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ "ልክፈል ወይ" ሳይሆን ከፍዬ 6.0 ባላመጣስ ብሩ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። መልሱ የመቀበያ ደብዳቤው ላይ የለም። ከታች በትንንሽ ፊደል "በዲፖዚት ተመላሽ መመሪያችን መሠረት" የሚል መስመር አለ፣ መመሪያው ሌላ ሰነድ ነው። እሱን አውርጂና አንብቢ።

እዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኚው እንዲህ ነው። ቪዛ ከተከለከልሽ የክልከላውን ደብዳቤ ስታሳዪ ይመለሳል፣ ያቀረብሽው ሰነድ ሐሰተኛ ሆኖ የተከለከልሽ ከሆነ ግን አይመለስም። ሐሳብሽን ቀይረሽ ከቀረሽ አይመለስም። ቅድመ ሁኔታውን ባለማሟላትሽ ከሆነ ብዙዎቹ ይመልሳሉ፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹም የአስተዳደር ወጪ ብለው ይቀንሳሉ። ማስረጃ የሚባለው ሞክረሽ እንዳልተሳካልሽ የሚያሳይ ውጤት ነው። ዳግመኛ ሳትፈተኚ ዝም ካልሽ "ራሷ ተወችው" ተብሎ ሊታይ ይችላል፣ ያኔ ብሩ ቀረ ማለት ነው። የእነዚህ ሰዎች መመሪያ የትኛው እንደሆነ በኢሜይል ጠይቂያቸው፣ በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ሞክሬ ውጤቱን ባላሟላ ዲፖዚቱ ሙሉ ይመለሳል ወይ፣ የዲፖዚቱን ቀን አዲሱ ውጤቴ እስኪወጣ ታራዝሙልኛላችሁ ወይ፣ አንድ ክፍል ብቻ ደግሞ የመፈተኑን ውጤት ትቀበላላችሁ ወይ።

ሦስተኛው ላንቺ ወሳኝ ነው። አይኤልትስ በኮምፒውተር ለተፈተነ ሰው አንዱን ክፍል ብቻ ደግሞ የመፈተን ዕድል አለው፣ ከመጀመሪያው ፈተና በ60 ቀን ውስጥ። ካንቺ ግንቦት 10 ስንቆጥር እስከ ሐምሌ 10 ነው። ግን ሁሉም ማዕከል አይሰጠውም፣ ሁሉም ዩኒቨርሲቲም አይቀበለውም። ስለዚህ ሳትከፍዪ በፊት ሁለቱንም ጠይቂ። ካልሆነ ሙሉውን ፈተና እንደገና ትወስጃለሽ፣ ለዚያም ቦታ ከአሁኑ ያዢ።

ያም ሳይሳካ ቢቀርስ? ቀኑ ሲያልፍ ቦታው ይቀርብሻል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት በር ማንኳኳት ይቻላል። አንዱ ከዋናው ትምህርት በፊት የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ኮርስ ነው፣ የራሱ ክፍያ አለው፣ በበጋቸው ስለሚጀምር ማመልከቻው ቀድሞ ይዘጋል። ሌላው ቦታውን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ነው። ዲፖዚቱ አብሮ ይዛወር እንደሆነ ጠይቂ፣ የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት እንደሆነም አትርሺ።

ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ እንዳለብሽም አይቻለሁ፣ አላነሳሽውም። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይላል። ቴምፖ ብቻ ከሆነ የያዝሽው፣ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይሽን ሳትጨርሺ ዋናው አይሰጥሽም። ይሄ ከአይኤልትሱ ይልቅ ቀን ሊበላ ይችላል፣ ነገውኑ ሬጅስትራር ሂጂ።

ስለ ባንኩ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የወንድሜ ልጅ የደረሰበት ነው። ልክ የተጠየቀውን ፓውንድ ላከ። በመንገድ ላይ ያሉት ባንኮች ኮሚሽናቸውን ቆርጠው ሲደርስ 20 ፓውንድ ጎደለ፣ ዩኒቨርሲቲው "አልተከፈለም" ብሎ ካሱን ያዘበት። 20 ፓውንድ ለመላክ ደግሞ ሌላ ሳምንት! ስለዚህ የመላኪያ ወጪው በሙሉ በላኪ እንዲሆን ለባንኩ ንገሪ፣ የተማሪ ቁጥርሽንም ማስታወሻው ላይ አስጽፊ። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ብሩ እነሱ ጋ የሚደርስበት እንጂ አንቺ ከባንክ የምትወጪበት አይደለም። ባንኩ የመቀበያ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ይፈልጋል፣ ያም ቀን ይወስዳል። ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጀምሪ።

እግረ መንገዴን፣ እንግሊዞች ቀን ሲጽፉ ቀኑን ያስቀድማሉ። 07/08 ካሉሽ ኦገስት 7 ነው፣ ነሐሴ 1። እንደ አሜሪካኖች ካነበብሽው ጁላይ 8፣ ሐምሌ 1 ይሆንብሻል። አንድ ወር ሙሉ!

የሚከፍለው ሰው ማን እንደሚሆን አሁን ወስኑ። ተመላሽ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ወደ ተላከበት አካውንት ነው። አጎትሽ ከራሱ አካውንት ከላከው ለእሱ ነው የሚገባው፣ የእናትሽም የእቁብ ብር ከውስጡ አለ። ስንቱ የማን እንደሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጻፉት።