ሙቅ ያልሆነ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው? ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ሥነ ልሳን አስተምራለሁ። ስለ ተቃራኒ ቃላት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ሁሉ ሙቅና ቀዝቃዛ ላይ ስለወደቀ እኔም እዚያው እቆያለሁ።

«ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። "ሙቅ - ቀዝቃዛ፣ የሞተ - በሕይወት ያለ" ብለው ባንድ ላይ አስጠኗት። ልዩነት አላቸው እንዴ?»

አዎ፣ አላቸው። አንድ በሬ አልሞተም ካልኩዎት በሕይወት አለ ማለት ነው። መሃል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለም። «ሻዩ ሙቅ አይደለም» ስል ግን ቀዝቃዛ ነው አላልኩም፤ ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። «ሙቅም አይደለም፣ ቀዝቃዛም አይደለም» ብል ማንም ግራ አይገባውም። በሬው አልሞተም፣ በሕይወትም የለም ብል ግን ምን ነካህ ይሉኛል።

ልጅዎን በሌላም መንገድ ያሳዩአት። «ሞቅ ያለ»፣ «ቀዝቀዝ ያለ» እንላለን። «ዛሬ ከትናንት ይሞቃል» እንላለን። «ይኼ በሬ ከዚያኛው ይበልጥ ሞቷል» የሚል ግን የለም። ሙቅና ቀዝቃዛ ደረጃ አላቸው፤ ሞት ግን ደረጃ የለውም።

«ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዝቃዜ የሚባል ነገር የለም፣ የሙቀት ማነስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ሊሆኑ አይችሉም።»

የመጀመሪያው ትክክል ነው። መለኪያው አንድ ነው፤ የታችኛው ጫፉም ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ድምዳሜው ላይ ግን አልስማማም። ሙቅና ቀዝቃዛ የሁለት ነገሮች ስም አይደሉም። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት አቅጣጫዎች ናቸው፤ ተቃራኒ ያደረጋቸውም ይኼው ነው።

ቋንቋ በቴርሞሜትሩ ላይ የሚጨምረው ነገር አለ፤ እሱም ድንበር ነው። ድንበሩ ደግሞ ቦታ ይቀያይራል። 40 ዲግሪን እንውሰድ። ሻይዎ 40 ዲግሪ ከሆነ «ቀዝቅዟል» ብለው ይመልሱታል። የገላ መታጠቢያ ውሃ 40 ከሆነ ሙቅ ነው። የልጅዎ ሰውነት 40 ከደረሰ ሐኪም ቤት ይሮጣሉ። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ከእያንዳንዱ ነገር የምንጠብቀው ነው። «ሙቅ» ማለት «ለእንዲህ ያለ ነገር ከሚጠበቀው በላይ የሞቀ» ማለት ነው። ማነጻጸሪያው ሳይነገር ውስጡ ተደብቋል። የሥነ ልሳን ሊቁ ኤድዋርድ ሳፒር ስለ ደረጃ በጻፈውና ከሞተ በኋላ በ1944 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የገለጸው ይኼንኑ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ራሳቸውን የቻሉ መጠኖች ይመስላሉ እንጂ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር በላይ ወይም በታች ማለት ናቸው።

ክፍሌ ውስጥም አየዋለሁ። ከጋምቤላ የመጣው ተማሪ ጅማ ስትበርድ ሹራብ ይደርባል፤ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ሞቀኝ ብላ ጃኬቷን ታወልቃለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

«ቤት ስከራይ "ሙቅ ውሃ አለ" ተባልኩ። ስከፍተው ለብ ያለ ነው። አከራዬ ዋሽቶኛል ማለት እችላለሁ?»

ቅሬታዎ ይገባኛል። ስለ ሻወር ሲወራ ለብ ያለ ውሃ ሙቅ ከሚባለው በታች ነው። «ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ» ብለው ግን አይክሰሱት፤ ያ ሌላ ቃል ነው። ድንበሩ ላይ ቁጥር ስላልተጻፈ በ37 እና በ38 መካከል ሲከራከሩ ይመሻል። ቀጣዩን ቤት ከመክፈልዎ በፊት ቧንቧውን ከፍተው በእጅዎ ይሞክሩት።

«ረጅምና አጭርም እንደዚሁ ናቸው?»

ደረጃ አላቸው፤ ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ሁለት ረጃጅም ወንድማማቾች ቢኖሩ «ታናሹ ከታላቁ ያጥራል» ማለት ይቻላል። ታናሹ አጭር ሰው ነው ማለት አይደለም። አሁን ሁለት ትኩስ የአቦል ሲኒ አስቡ። «ይኼኛው ከዚያኛው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው» ስትሉ ቡናው የቀዘቀዘ አይመስልም? እኔ «ይኼኛው በረድ ብሏል» ነው የምለው። ማጠር ከየትኛውም ቁመት ላይ መነሳት ይችላል። «ቀዝቃዛ» ግን በራሱ ክልል ውስጥ መቆየት ይወዳል።

«እኔ ግን "ይኼኛው ይቀዘቅዛል" እላለሁ፣ ሁለቱም የሚፋጁ ቢሆኑም። ምንም አይጎረብጠኝም።»

እርስዎ የተጠቀሙት ግሡን ነው። «ይቀዘቅዛል» ደግሞ «እየቀዘቀዘ ይሄዳል» ማለትም ስለሚሆን ምናልባት ያለሰለሰው ይኼ ነው። «ቀዝቃዛ ነው» ብለው ይሞክሩት።

«ሞከርኩት። አሁንም አይጎረብጠኝም።»

እንግዲያው የእርስዎ ጆሮና የእኔ ጆሮ ይለያያሉ። ባለፈው ቡና ላይ ጎረቤቶቼን ስጠይቅም ለሁለት ተከፈሉ።