ሊሚትድ ኩባንያ ሲንገዳገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ደብዳቤዎች በሙሉ እንግሊዝ ውስጥ ሊሚትድ ኩባንያ ከሚያንቀሳቅሱ አንባቢዎች ናቸው።

*ድርጅቴ ሊሚትድ ነው። ቢከስር ዕዳው ወደ ቤቴ ይመጣል?*

እንደ ደንቡ አይመጣም። በግል ዋስትና የፈረሙበት ብድር ወይም ኪራይ ካለ ግን በዚያው ልክ ይመጣብዎታል። ሌላኛው መንገድ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ውስጥ አለ።

*ሬስቶራንታችን ቫት መክፈል ካቆመ ወራት አልፈዋል። ሥጋ አቅራቢውም በዱቤ አልሰጥም ብሏል። ባለቤቴ "ሰመር ሲመጣ ይነሳል" ይላል። እስከ መቼ ብንቀጥል ነው ወንጀል የሚሆነው?*

ወንጀል የሚሆነው ማታለል ሲኖርበት ነው። እናንተን የሚያሰጋችሁ በ1986ቱ የኪሳራ ሕግ አንቀጽ 214 የሰፈረው፣ ሮንግፉል ትሬዲንግ የሚባለው ነው። ኩባንያው ከኪሳራ የሚድንበት ምክንያታዊ ተስፋ እንደሌለ ዳይሬክተሩ ያወቀበት ወይም ማወቅ የነበረበት ቀን አለ። ከዚያ ቀን በኋላ በገንዘብ ጠያቂዎች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ የሚቻለውን ሁሉ ካላደረገ፣ ኩባንያው ሲፈርስ ፍርድ ቤት ከግል ኪሱ እንዲያዋጣ ሊያዝዘው ይችላል።

"ማወቅ የነበረበት" የሚለውን አትለፉት። በ1989 ፍርድ ያገኘ አንድ የፍራፍሬ አስመጪ ኩባንያ ነበር። ሒሳቡ እስከ ጁላይ 1986 መጠናቀቅ ሲገባው እስከ ጃንዋሪ 1987 ዘገየ። ዳኛው ግን ሒሳቡ በወቅቱ ቢሠራ ኖሮ ኪሳራው ይታይ ነበር ብለው፣ ዳይሬክተሮቹን ከጁላይ 1986 ጀምሮ እንዳወቁ ቆጠሯቸው። ሁለቱ 75,000 ፓውንድ ከነወለዱ እንዲያዋጡ ተፈረደባቸው። ደብተር ሳይገለጥ መቆየቱ አያድንም።

ስሌቱን በእናንተው ሬስቶራንት እንየው። በማርች መጨረሻ ዕዳው ከንብረቱ በ60,000 ፓውንድ ይበልጥ ነበር እንበል። በኦክቶበር ሲዘጋ ልዩነቱ 104,000 ደረሰ። ማወቅ የነበረባችሁ በማርች ነው ከተባለ፣ ፍርድ ቤቱ የሚነሳው በመሃል ከጨመረው 44,000 ነው፤ እንደ ሁኔታው ሊቀንሰውም ይችላል። ጉድለቱ ካልጨመረ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈል ነገር የለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ መዝጋት የግድ ነው ማለቴ አይደለም። ሊዙን የሚገዛ እውነተኛ ሰው ካለ፣ ሦስት ሳምንት ከፍቶ መቆየት ለአበዳሪዎቹም ሊጠቅም ይችላል። ግን "ሰመር ይነሳል" የሚለው ተስፋ ቁጥር ይኑረው፤ የትኛው ድግስ ተይዟል? ስንት ይገባል? ስንት ይወጣል? በየሳምንቱ ጻፉት፣ ተነጋግራችሁ የወሰናችሁትንም ከነቀኑ አስቀምጡ። ለሰርግ ቀብድ አትቀበሉ፤ ወጡ ሳይሠራ በሩ ቢዘጋ ጉዳቱ የሙሽሮቹ ነው። የግድ ከተቀበላችሁም በአደራ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡት። እዚህ ላይ እማጸናችኋለሁ፦ ፈቃድ ያለው የኪሳራ ባለሙያ፣ ኢንሶልቨንሲ ፕራክቲሽነር የሚባለውን፣ በዚህ ሳምንት አነጋግሩ። ወር አትጠብቁ።

*ባለቤቴ ዳይሬክተር አድርጎ አስመዘገበኝ እንጂ ሥራውን አላውቀውም። እኔንም ይነካኛል?*

ይነካዎታል። ሕጉ የሚመዝንዎት በዚያ ቦታ ካለ ሰው በሚጠበቀው እውቀት ነው፤ ከዚያ በላይ ካወቁ መለኪያው ከፍ ይላል፣ ባያውቁ ግን ዝቅ አይልም። ዛሬ ማታ የባንክ ስቴትመንቱን ያስከፍቱ።

*ሥልጣኔን ብለቅስ?*

መልቀቅ ያለፈውን አያጠፋም።

*አካውንታንቴ "ቀጥል" ብሎኛል። የእሱ ቃል አይበቃም?*

ብቻውን አይበቃም። በ2015 በ1 ፓውንድ የተሸጠውና በ2016 የወደቀው የትልልቅ መደብሮች ኩባንያ፣ የቢኤችኤስ ዳይሬክተሮች ዙሪያቸውን በአማካሪ ተከበው ነበር። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2024 ከሴፕቴምበር 8 ቀን 2015 ጀምሮ ተጠያቂ አደረጋቸው። ምክር የሚረዳው ሙሉውን ሒሳብ ለሰጡት ባለሙያ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀው፣ መልሱንም ራሳቸው መዝነው ሲወስኑ ነው።

*ከመዝጋቴ በፊት ወንድሜ ለኩባንያው ያበደረኝን 8,000 ፓውንድ ልመልስለት? የቤተሰብ ገንዘብ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።*

ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ቢሆንም አይክፈሉት። ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ካቃተው በኋላ ከሌሎቹ አስቀድመው ቢከፍሉት፣ ሒሳብ አጣሪው ገንዘቡን ከወንድምዎ እጅ ማስመለስ ይችላል። ለሌላ ሰው የተከፈለ ከሆነ ስድስት ወር ወደኋላ ያያል፤ ለዘመድ ሲሆን ግን ሁለት ዓመት፣ ያውም ልታደሉለት እንደፈለጋችሁ አስቀድሞ ይገመታል። እርስዎም ከ2 እስከ 15 ዓመት ዳይሬክተር እንዳይሆኑ ሊታገዱ ይችላሉ። ወንድምዎ ዕዳውን አስመዝግቦ ከሌሎቹ ጋር ይሰለፍ። አሁኑኑ ደውለው ይንገሩት፤ ከአጣሪው ደብዳቤ ከሚሰማው ከእርስዎ አፍ ቢሰማ ይሻለዋል።