የደንበኛ ምስክርነት የተቀነባበረ እንዳይመስል

«ጎንደር ፒያሳ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። የደንበኞቼን አስተያየት ካሩሰል ላይ ሳወጣው ራሴ የጻፍኩት ይመስላል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እኔም አዘዞ እሰፋለሁ፣ ችግሩ ሙገሳውን ብቻ መርጠሽ ማውጣትሽ ይመስለኛል። አንዷ ደንበኛዬ በቴሌግራም «ሰላም ነው? ቀሚሱን ለጥምቀት ነበር የፈለኩት፣ መጀመሪያ ትከሻው ጠቦኝ ነበር፣ ደውዬልሽ ግን በሁለት ቀን አስተካከልሽልኝ፣ በጣም አሪፍ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። «በጣም አሪፍ ነው» ለማንም ቀሚስ ይሆናል፣ ጣልኩት። ያወጣሁት ይሄን ነው፦ «መጀመሪያ ትከሻው ጠቦኝ ነበር… ግን በሁለት ቀን አስተካከልሽልኝ»። ሰው የሚያምነው ቅሬታው ስላለበት ነው።

መቁረጥ ትችያለሽ፣ የዘለልሽበት ላይ ግን ሦስት ነጥብ አድርጊ። ቃል አትጨምሪ፣ አነጋገሯንም አታቃኚ። ስትቆርጪው ትርጉሙ ከተቀየረ ተይው።

ፈቃድ ላይ «ላውጣው?» ብቻ አይበቃም። ያለቀውን ስላይድ ራሱን ላኪላትና ስሟን፣ ፎቶዋን፣ የት እንደምታወጪው ለየብቻ ጠይቂ። የእኔዋ ስሟን ፈቅዳ ፎቶዋን እምቢ አለች፣ ስለዚህ የትከሻውን ጥልፍ ብቻ ቀረብ አድርጌ አነሳሁት። መልሷን ስክሪንሾት አድርገሽ አስቀምጪ፣ ነገ አውርጂልኝ ካለችም ወዲያው አውርጂው።