የኡርዱ የሠርግ ካርድ ጽሑፍ፦ ከግጥሙ እስከ ጠሪዎቹ ስም

«ወንድሜ ሻርጃ ውስጥ ፓኪስታናዊት ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች የወሊማውን ካርድ በኡርዱ አሳትሙ፣ ጽሑፉን ከናንተ በኩል ላኩልን አሉን። መጀመሪያው ላይ ግጥም ይሁን፣ ሽማግሌዎቹ የሚከበሩበት ቃል ይግባበት ብለዋል። አባቴ ወሎ ነው ያሉት። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ሻርጃ ውስጥ ማተሚያ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሥራችን ግማሹ የፓኪስታኖች የሠርግ ካርድ ነበር። ኡርዱን እዚያው ከአንድ ላሆሬ ሽማግሌ ጎን ተቀምጬ ነው የለመድኩት። ጽሑፉን የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ፤ ኡስታድጂ እንላቸዋለን።

ካርዱ ከናንተ የተጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በነሱ ልማድ የኒካሁንና የሽኝቱን ጥሪ የሙሽራዋ ቤት ያወጣል። ወሊማ ግን የወንዱ ቤት ድግስ ነው። ስለዚህ ጠሪው አባታችሁ ናቸው፤ ካርዱም የሚናገረው በእሳቸው አንደበት ነው። ወንድምሽ ሁሉን ወጪ ቢችልም «ጠርቻችኋለሁ» የሚለው እሱ አይደለም። ይህን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው።

ከግጥሙ እንጀምር። የሚፈለገው አንድ «ሼር» ነው፣ ሁለት ስንኝ ማለት ነው። እያንዳንዱን ስንኝ «ሚስራ» ይሉታል። ሚስራ በዓረብኛ ሁለት ተካፋች ካለው በር አንዱ ተካፋች ማለት ነው። ጥንዱን ስንኝ ደግሞ «በይት» ይሉታል፣ ቤት ማለት ነው። እኛም ግጥም ቤት መታ፣ ቤት ደፋ እንል የለ? ኡስታድጂ ይህን ስነግራቸው በጣም ነው የተደሰቱት። ሁለቱ ተካፋቾች እኩል ካልሆኑ በሩ አይገጥምም ይሉኝ ነበር። የስንኞቹ ምት እኩል መሆን አለበት ማለታቸው ነው።

ሰው የሚሳሳተው ግን ምቱ ላይ አይደለም፣ ምርጫው ላይ ነው። የኡርዱ ግጥም አብዛኛው ስለ መለየት፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ከዳ ወዳጅ ነው። ስትሰሚው ደስ ይላል። ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ከስልኩ ላይ ያምርብኛል ያለውን ያነሳል። አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ግጥም ይዘው መጡ፤ እኛም እንዳለ አትመን ሁለት መቶ ካርድ አስረከብን። ኡስታድጂ የዚያን ሳምንት አልነበሩም። የሙሽራው አያት ካርዱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ግጥሙ ዳግም ስለማይገናኙ ሰዎች ነበር። በማግስቱ ሁሉም እንደገና ታተመ። ስለዚህ «ሂጅር»፣ «ጁዳኢ»፣ «ገም»፣ «ቤዋፋ» የሚሉ ቃላት ካየሽ ተዪው። መለየት፣ ሐዘን፣ ከሃዲ ማለት ናቸው። «ሳቂ» እና «ጃም» ካለበትም ይቅር። የመጠጥ ቀጂና ጽዋ ናቸው፣ ሃይማኖተኛ ቤት አይወደድም። አንጀት የሚበላ የሽኝት ግጥም ደግሞ ለሙሽራዋ ቤት ካርድ ይሆናል እንጂ ለወሊማ አይሆንም።

ኡስታድጂ ለእንዲህ ያለ ጥሪ ራሳቸው የገጠሙት አንድ ሼር ነበራቸው። ፈቅደውልኛልና ውሰጂው፦

ኹዳ ካ ሹክር ሄይ ገር ሜን ኹሺ ካ ዲን ዬ ኣያ ሄይ
ቡዙርጎን ኪ ዱዓ ካ ሰር ፔ አፕኔ ኣጅ ሳያ ሄይ

ፈጣሪ ይመስገን፣ ቤታችን የደስታ ቀን መጣ፤ የታላላቆቻችን ዱዓ ዛሬ በራሳችን ላይ ጥላ ሆኖልናል ነው የሚለው። «ቡዙርግ» ትልቅ ሰው፣ ሽማግሌ ማለት ነው። «ሳያ» ጥላ ነው፣ እኛ ጥላ ከለላ ስንል እንደምንለው። ከቦታው ጋር የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ገና ከግጥሙ ሽማግሌዎቹ ተከበሩ። ምቱን ደግሞ በጣትሽ ጠረጴዛ ላይ ምቺው። አንድ አጭር፣ ሦስት ረጅም። ኹ፣ ዳ፣ ካ፣ ሹክ። ይህ በየስንኙ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ሁለተኛው ስንኝም ቡ፣ ዙር፣ ጎን፣ ኪ ብሎ በዚያው ይሄዳል። አንድ ቃል ከቀየርሽ ምቱ ይሰበራል። የሙሽራውን ስም ልክተትበት እንዳትይ። ኡርዱ ያደገበት ሽማግሌ ስብራቱን ወዲያው ይሰማዋል።

ከግጥሙ በላይ ቢስሚላህ ይጻፋል። አንዳንዱ ቤት ካርዱ መሬት ወድቆ እንዳይረገጥ ብሎ በምትኩ 786 ብቻ ያደርጋል። የቢስሚላህ ፊደላት በቁጥር ሲደመሩ የሚሰጡት ነው። ይህን የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ የሙሽራዋን ቤት ጠይቂና እነሱ እንዳሉት አድርጊ።

ቀጥሎ የአክብሮቱ ቃል ነው። በኡርዱ «አንተ» ሦስት ደረጃ አለው። «ቱ» ለቅርብ ለቅርብ ነው። «ቱም» ለጓደኛና ለታናሽ ነው። «ኣፕ» ደግሞ የኛ እርስዎ ነው። ካርድ ላይ የሚገባው ኣፕ ብቻ ነው። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፣ ግሱም አብሮ ይለወጣል። ለጓደኛ «ና» ለማለት «ኣኦ» ይባላል። ለታላቅ «ኣኢዬ» ቢባል ያስኬዳል፣ ካርድ ላይ ግን «ተሽሪፍ ላኢዬ» ነው። መምጣትዎ ክብር ነው፣ ክብርዎን ይዘው ይምጡልን እንደማለት። «ማድረግ» የሚለውም ለተከበረ ሰው ሲሆን «ፈርማና» ይሆናል።

እነዚህ ቃላት ለእንግዳው ብቻ ናቸው። ስለ ራስ አይባሉም። ኡርዱን አዲስ የለመደ ሰው ቃሉ የሚያምር ስለሚመስለው ለራሱም ይጠቀመዋል። አባታችሁ «ተሽሪፍ ይዘን እንጠብቃለን» ካሉ፣ በአማርኛ «እኔ መጥተዋል» እንደማለት ነው። ጠሪ ዝቅ ይላል፣ ተጠሪ ከፍ ይላል። የራስን ቤት «ገሪብ ኻና»፣ የድሃ ቤት ይሉታል። የእንግዳውን ቤት «ዶውለት ኻና»፣ የሀብት ቤት ይሉታል። ባለ ፎቁም እንዲሁ ነው የሚለው። ልቡ ከኛ የራቀ አይደለም፤ ያለችውን ቀማምሰን እንል የለ?

አሁን ሙሉው ጽሑፍ ይኸው። ከግጥሙ በታች «ሞህተረም-ኦ-ሙከረም ጀናብ» ይላል፣ ክቡርና የተከበሩ አቶ እንደማለት። ከጎኑ የእንግዳው ስም በእጅ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚያ ሙሉ ሰላምታው፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከዚያ ይህ፦

አላህ ታላ ኬ ፈዝል-ኦ-ከረም ሴ ሜሬ ቤቴ (የወንድምሽ ስም) ኪ ዳወት-ኤ-ወሊማ (ቀኑ) ኮ ሙንአቂድ ሆ ረሂ ሄይ። ኣፕ ሴ ኢልቲማስ ሄይ ኬ መዐ አህል-ኦ-አያል ተሽሪፍ ላ ከር ዱልሀ ዱልሀን ኮ አፕኒ ዱዓኦን ሴ ነዋዜን።

በአላህ ቸርነት የልጄ የወሊማ ግብዣ በዚህ ቀን ይደረጋል፤ ከቤተሰብዎ ጋር መጥተው ሙሽሮቹን በዱዓዎ እንዲያድሏቸው እለምናለሁ ማለት ነው። የኛ ካርድ «የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑ በአክብሮት ጠርተንዎታል» ይላል። እነሱ ከተካፋይነቱ ይልቅ የሽማግሌውን ዱዓ ነው የሚለምኑት። እኔ ይህን አቀማመጥ በጣም እወደዋለሁ። ትልቁን ሰው ለምርቃቱ ነው የሚጠራው፣ ለምግቡ አይደለም።

እዚህ ላይ «መዐ አህል-ኦ-አያል» የሚለውን አስቢበት። ከነሙሉ ቤተሰብዎ ማለት ነው፣ ከምር ነው የሚወሰደውም። መቶ ካርድ በዚህ ቃል ከበተናችሁ አራት መቶ ሰው ሊመጣ ይችላል። አዳራሹ ለመቶ ሃምሳ ከሆነ ቃሉን ለቅርብ ዘመዶች ካርድ ብቻ አስቀሪው፣ ከሌላው አውጪው። ሁለት ዓይነት ካርድ ማሳተም የተለመደ ነው፤ ማንም አይቀየምም።

ከግርጌ የጠሪዎቹ ስም ይመጣል። ከላዩ «ቸሽም በራህ» ተብሎ ይጻፋል፣ ዓይናችን መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ስሞቹ በዕድሜ ይደረደራሉ። አያት ካሉ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ አባት፣ ከዚያ አጎቶች። በሕይወት የሌለ ሰው ከተነሳ ከስሙ በኋላ «መርሁም» ይጨመራል። አጎት ተረስቶ ቅሬታ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝርዝሩን በስልክ ለአባትሽ አንብቢላቸውና እሳቸው ያስተካክሉት።

ስም ላይ እጅግ ተጠንቀቂ። አማርኛችን የዓረብኛ ፊደሎችን አጣብቆ ነው የሚጽፈው። አንድ የኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም «ሰይድ» ብሎ በአማርኛ ሰጠን። ጸሐፊው እንደ ሰማው በሲን፣ በየ፣ በዳል ጻፈው። ፓኪስታን ውስጥ እንዲህ የተጻፈ ስም የነቢዩ ዘር ነኝ ማለት ነው። ሰውየው ግን ስማቸው በመሀሉ ዐይን ያለበት፣ ደስተኛ ማለት የሆነው ስም ነበር። የአንድ ፊደል ልዩነት ነው። ኡስታድጂ ሳይታተም ያዙት፣ ባይዙት ቤተሰቡ ያልሆነውን ነኝ ያለ ይመስል ነበር። «ከድር»ም በካፍ አይጻፍም። በኸ፣ በዷድ፣ በረ ነው፤ እነሱ ሲያነቡት «ኺዝር» ይሉታል፣ ስሙ ያው ነው። ስለዚህ ስሞቹን በአማርኛ አትላኪ። ቁርኣን የቀራ ዘመድ በዓረብኛ ይጻፋቸው፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪ።

የመጨረሻው ነገር ፊደሉ ነው። ኡርዱ ካርድ ላይ «ነስታሊቅ» በሚባለው፣ ከላይ ወደ ታች እያዘነበለ በሚወርደው አጻጻፍ ነው የሚታተመው። ከስልክ የተላከ ጽሑፍ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ወደ ተራው የዓረብኛ ፊደል ሊለወጥ ይችላል። ቀጥ ባለ መስመር ላይ እንደ ጋዜጣ ተደርድሮ ካየሽው ተለውጧል ማለት ነው። Jameel Noori Nastaleeq የሚባለውን ፎንት ይጠቀሙ። ፊደሎቹ ተነጣጥለው አንድ አንድ ሆነው ከቆሙ ደግሞ ፕሮግራሙ ከቀኝ ወደ ግራ አይጽፍም፣ ሌላ ቦታ ይሠራ። ናሙናው ሲወጣ ለሙሽራዋ አያት ወይም ለትልቅ አጎቷ ይሰጥና ጮክ ብለው ያንብቡት። ሳይደናቀፉ ከጨረሱ ይታተም።

የአባትሽንና የአጎቶችሽን ስም በዓረብኛ አስጽፈሽ እዚህ ለጥፊው፣ ዛሬ ማታ አይቼ ቦታ ቦታቸው አስገብቼ እመልስልሻለሁ።